ጥቆማ፦ ላሜራ ለማልበስ የትኛው ሪቬት፣ የትኛው መምቻ?

ባለጋሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቡና ጋሪ እያሠራሁ ነው። አጥንቱ 20 በ20 አርኤችኤስ ነው፣ የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሜ። ላዩ ላይ 0.8 ጋልቫናይዝድ ላሜራ ይለብሳል። ብየዳ ዚንኩን ያቃጥለዋል ስላሉኝ በሪቬት ልናደርገው ነው። መርካቶ አንዱ ሱቅ 3.2 ውሰጂ አለኝ፣ ጎረቤቱ 4.8። ርዝመቱን ስጠይቅማ «ደስ ያለሽን» ነው መልሱ። መምቻውስ አጭሩ ይበቃኛል ወይስ ባለሁለት እጀታው ይሻላል? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ልጅ ሜካኒክ፦ ርዝመቱ ቀመር አለው። የሁለቱን ውፍረት ደምሪ፣ የሪቬቱን ዲያሜትር አንድ ተኩል ጊዜ ጨምሪበት። በ4 ሚሜ ብንሄድ 2.3 እና 6፣ 8.3 ይመጣል። ስለዚህ 4 በ8 ግዢ፣ አለቀ።

ጋሼ ላሜራ፦ 4 ሚሜ ያልከው ልክ ነው። ቀመሩ ግን በመዶሻ ለሚቀጠቀጠው ድፍን ሪቬት ነው። ይሄ በመምቻ የሚሳበው ያን ያህል ትርፍ አይፈልግም፣ ከውፍረቱ ላይ በግምት አንድ ዲያሜትር ወይም ትንሽ ያነሰ ይበቃዋል። ልጄ፣ ያንቺ 2.3 ነው፤ 4 በ6 ያዢ። ካርቶኑ ላይ የሚይዘው ውፍረት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ተጽፏል። የብዙዎቹ 4 በ6 እስከ 3 ሚሜ አካባቢ ይይዛል፣ 4 በ8 ደግሞ ከዚያ ይጀምራል። ያልተጻፈበትን ካርቶን ተዪው።

3.2 ለሚንቀጠቀጥ ጋሪ ቀጭን ነው። 4.8 ደግሞ ለ0.8 ላሜራ ከልክ በላይ ነው፣ አጭሩን መምቻ ይዘሽ ውለሽ ክንድሽን ታደክሚያለሽ።

ባለጋሪዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ትንሽ ቢረዝም ግን ምን ችግር አለው? ይበልጥ የሚይዝ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ላሜራ፦ አይይዝም። ሲረዝም ጅራቱ ከብረቱ ጀርባ ራቅ ብሎ ያብጥና ላሜራውን ሳያጣብቅ መምቻው የሚስበው የመሐሉ ሚስማር ቀድሞ ይቆረጣል። ከፊት ስታዪው ያማረ ነው። በጥፍርሽ ላሜራውን መታ ስታደርጊው ግን ይንጣጣል። ሲያጥር ደግሞ ጅራቱ ከጀርባ በቅጡ አይወጣም፣ ጥቂት ቀን በድንጋይ መንገድ ከሄድሽ ተነቅሎ ይወድቃል። አርኤችኤስ ዝግ ስለሆነ ጀርባውን ማየት አትችዪም። መጀመሪያ በቁራጭ ላሜራና በቁራጭ ቱቦ አንድ ምቺና ቱቦውን ሰንጥቀሽ እዪው።

የሰፈር ሰው፦ የኔ ቤት የጣሪያ ቆርቆሮ ያፈሳል፣ ሪቬት ብመታው ይደፈናል?

ጋሼ ላሜራ፦ ተራው ሪቬት መሐሉ ክፍት ነው፣ ውሃ በራሱ ውስጥ ይገባል። ለጣሪያ ጎማ ያለው የጣሪያ ብሎን ይሻላል።

ብረት ወዳጅ፦ መምቻውን በተመለከተ እኔ ሁለቱንም ይዣለሁ። ለ4 ሚሜ አሉሚኒየም አጭሩ ይበቃል፣ ጠባብ ቦታም ይገባል። ባለሁለት እጀታው የሚያስፈልገው ለ4.8 ወይም ለስቴንለስ ነው። ብዙ ቀዳዳ ካለሽ ግን ረጅሙ እጅ አያደክምም። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ደህና ዕቃ ይገኛል። ሳትገዢ አንድ ሪቬት እዚያው ሱቁ ላይ አስመቺ። ውስጡ ያሉት ጥርሶች ካለቁ ሚስማሩን ሳይነክሱ ይንሸራተታሉ። አፍንጫውንም ለ4 የሚሆነውን አስገቢ፤ ሰፊው ከቀረበት የሪቬቱን ራስ ያበላሻል።

ልጅ ሜካኒክ፦ በድሪል ላይ የሚገጠመውስ? እሱ ይፈጥናል።

ብረት ወዳጅ፦ ይፈጥናል። እኔ ግን ሚስማሩ የሚቆረጥበትን ጊዜ እጄ ላይ ማወቅ ስለምፈልግ አልወደውም። የወደዱትም አሉ።

ባለጋሪዋ፦ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ። ሠራተኛው እንዳይንጫጫ ብሎ በላሜራውና በቱቦው መሐል 1 ሚሜ ጎማ አድርጎበታል።

ጋሼ ላሜራ፦ ይሄንንማ ቀድሞ መናገር ነበር! እሱም ውፍረት ነው። ሳይጨመቅ 3.3 ይሆናል፣ ሲጨመቅ ወደ 3 ይወርዳል። በ6ና በ8 ድንበር ላይ አረፍሽ። እኔ ብሆን ጎማውን አውጥቼ ስስ ሲልከን እቀባለሁ። ከዚያ 4 በ6 ያለ ጥያቄ ይሠራል።

ብረት ወዳጅ፦ እኔ ጎማውን እተወውና 4 በ8 እመታለሁ፣ ጋሪ ነው ይንቀጠቀጣል። ሁለቱንም በቁራጭ ሞክሪ።

ባለጋሪዋ፦ ፑንታውስ? 4.1 ብዬ ብዞር አጣሁ፣ ያለው 4 እና 4.2 ነው።

ጋሼ ላሜራ፦ ትክክለኛው 4.1 ነው። በእጅ ትራፓኖ ግን ቀዳዳው ከፑንታው ትንሽ ይሰፋል። በ4 ጀምሪ። ሪቬቱ በጣት ካልገባልሽ ብቻ 4.2 አሳልፊበት። ከላሜራው ጫፍም ቢያንስ 8 ሚሜ ገባ በዪ፣ አለበለዚያ ይቀደዳል።