ለሥራ አመራር ኮሚቴ የሚቀርብ ሐሳብ፦ በቀሩት 2 ቀናት የትኛው ይሞከር?

ሞካሪዋ
የማኅበራችን አዲሱ የቁጠባና ብድር ሲስተም ሐምሌ 1 ይጀምራል ተብሎ ለአባላት ተነግሯል። ለሙከራ የተያዙት 10 ቀናት ዳታ በማስገባት አለቁ፤ የቀሩን ሰኔ 29 እና 30 ናቸው። ዝርዝሩ ላይ 186 ሙከራዎች አሉ። እኔና ሁለቱ በጎ ፈቃደኞች፣ ሦስታችን፣ በቀን 6 ሰዓት ብንሠራ 36 ሰዓት ነው፣ አንዱ ሙከራ ከነዝግጅቱ 20 ደቂቃ ይፈጃል። የሰዓቱን ሲሶ ደግሞ የተስተካከለውን እንደገና ለማየት መተው አለብን፤ ያለዚያ ስህተት አግኝተን መስተካከሉን ሳናረጋግጥ እናስረክባለን። ስለዚህ 72 ሙከራ ብቻ እንችላለን። የትኞቹ 72 እንደሆኑ በጋራ እንወስንና ለኮሚቴው እናቅርብ። ለእያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ከ1 እስከ 5 ስጡ፦ ቢበላሽ ምን ያህል ይጎዳናል፣ የመበላሸት ዕድሉስ?

ገንዘብ ያዥ
ሰጥቻለሁ። ሁሉም 5 ነው። የአባላት ገንዘብ ነው፣ የቱ ይቀነሳል?

ሞካሪዋ
ጋሼ፣ ሁሉም 5 ከሆነ ምንም አልመረጥንም። እንዲህ ብለው ይዩት፦ ሐምሌ 1 ተሳስቶ ቢወጣ ሐምሌ 2 መመለስ ይቻላል? ሪፖርት ተሳስቶ ቢታተም ደግመን እናትማለን። ላልተገባው ሰው የተከፈለ ቁጠባ ግን ከእጁ አይወጣም።

የቁጥጥር ኮሚቴ አባል
ሁለቱን ነጥብ አባዙና ከላይ ወደ ታች ደርድሩ። እኛ መሥሪያ ቤት እንደዚያ ነው የሚደረገው።

ሞካሪዋ
ማባዛት ለመጀመሪያ ድርደራ ይጠቅማል፣ ግን ይደብቃል። የብድር ወለድ ጨርሶ የመሳሳት ዕድሉ 1፣ ጉዳቱ 5 ቢሆን ውጤቱ 5 ነው። የገጹ ቀለም ዕድሉ 5፣ ጉዳቱ 1 ቢሆንም 5 ነው። እኩል አይደሉም። ጉዳቱ 5 የሆነ ሁሉ፣ ዕድሉ ምንም ይሁን፣ ቢያንስ አንዴ ይሞከር። የዕድሉን ነጥብ ደግሞ በስሜት አንስጥ፤ ፕሮግራመራችን ባለፉት ሳምንታት የነካውን ይንገረን።

ፕሮግራመሩ
የነካሁት ዋስትናን፣ የብድር ክፍያ ሰሌዳን እና የዳታ ማስገቢያውን ነው። የመግቢያ ገጹንና የአባላት ምዝገባን ከግንቦት ወዲህ አልነካሁም።

ነባር አባል
ደረሰኙን ያየው የለም? «ማህበር» ይላል። የተመዘገብነው «ማኅበር» ብለን ነው፣ ማኅተማችንም እንደዚያው ነው። ይህ ሳይስተካከል ሐምሌ 1 የሚባል ነገር የለም።

ፕሮግራመሩ
የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከሐምሌ በኋላ አስተካክለዋለሁ።

ነባር አባል
ከሐምሌ በኋላ? በ«ህ» የታተመ ደረሰኝ ይዞ ፍርድ ቤት የሚቆም አባል ቢኖርስ? 22 ዓመት የቆጠብኩት በዚህ ስም ነው።

ገንዘብ ያዥ
እውነቱን ነው። የማኅበሩ ስም ጨዋታ አይደለም።

የቁጥጥር ኮሚቴ አባል
መተዳደሪያ ደንቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በ«ህ» ነው ያለው። ሦስተኛው ገጽ ላይ በ«ኅ»።

ነባር አባል
ደንቡን የተየበው ልጅ ተሳስቶ ነው። የምዝገባ ወረቀቱን እዩ።

ሞካሪዋ
እባካችሁ። ከማታ ጀምሮ ስለ አንድ ፊደል ነው የምናወራው፣ እስካሁን ነጥብ የሰጡት ሁለት ሰው ብቻ ናቸው። ደረሰኙ ጉዳቱ 1 ነው።

ነባር አባል
1? አንቺ ማኅበሩን ከተቀላቀልሽ ስንት ዓመትሽ ነው? ክብራችንን 1 ነጥብ የምትሰጪው አንቺ ነሽ?

የብድር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ተረጋጉ። እኔን የሚያስፈራኝ ጳጉሜ ነው። የድሮው ሲስተም እንደ ራሱ ወር ቆጥሯት ከአባላት ተጨማሪ ወለድ ተቆርጦ ነበር፣ ስንመልስ ኅዳር ደረሰ። ከሁሉ በፊት ጳጉሜ ይሞከር።

ሞካሪዋ
ትክክል ነው፣ ጉዳቱ 5 ነው። ነገር ግን ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜ 1 ድፍን 60 ቀን አለ። የወሩን አቆራረጥ ነሐሴ ላይ መሞከር እንችላለን፤ እነዚህ ሁለት ቀናት ሐምሌ 1 ላይ የሚነክሰንን ይፈልጋሉ። ከጳጉሜ አሁን የሚያስፈልገን አንድ ሙከራ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም አዲስ ተበዳሪ ሐምሌ 1 የሚፈርመው በታተመ ሰሌዳ ላይ ነው። 48,000 ብር፣ በዓመት 12 በመቶ በቀሪ ዕዳ ላይ፣ በ24 ወር፣ የመጀመሪያው ክፍያ ሐምሌ 30 ሆኖ ይከፈት። ዋናው በወር 2,000 ነው። የመጀመሪያው ወለድ 480፣ ሁለተኛው 460 መሆን አለበት። ሁለተኛውም 480 ካለ ቀሪውን ዕዳ አይቶ አልሠራም። የመጀመሪያው 473.42 ካለ በ365 ቀን አካፍሎ በ30 አባዝቷል ማለት ነው። ከዚያ 24ኛውን መስመር እዩ፦ ሰኔ ካለ ደህና ነው፤ ሚያዝያ ካለ ሁለቱን ጳጉሜዎች እንደ ወር ቆጥሯቸዋል።

የብድር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ይህን እኔ ራሴ በካልኩሌተር አየዋለሁ።

ሞካሪዋ
የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ግን የገባው ዳታ ይቅደም። እሱ ከተበላሸ ሌላው ሙከራ ዋጋ የለውም፣ ለማስተካከልም ጊዜ ይፈልጋል። የቁጠባ ድምርና የዕዳ ድምር ከመዝገቡ ጋር መመሳሰሉ አይበቃም፤ የሁለት ሰው ሒሳብ ቢቀያየር ድምሩ ያው ነው። 20 አባላት በስም ይመረጡ፦ ሁለት ብድር ያለባቸው፣ ዋስ የሆኑ፣ መክፈል ያቋረጡ። የእያንዳንዳቸው ካርድ ከስክሪኑ ጋር ይተያይ። ሁለቱ በጎ ፈቃደኞች ሰኔ 29 ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?

የቁጥጥር ኮሚቴ አባል
አንደኛው ስልክ አያነሳም። ሌላው ክፍለ ሀገር ወጥቷል ብለውኛል። እኔ ልተካ እችላለሁ፣ ግን አንድ ሰው ነኝ።

ሞካሪዋ
እንግዲህ ሁለት ሰው ነን። 24 ሰዓት፣ ሲሶው ሲቀነስ 16፣ 48 ሙከራ።

ነባር አባል
የደረሰኙ ፊደል ከ48ቱ አንዱ ይሁን።

ፕሮግራመሩ
ስለ ፊደል ስትነጋገሩ አንድ ነገር ለማየት ገባሁ። የአባል ስም መፈለጊያው ላይ «ኃይሉ» ስል ሦስት ሰው አመጣ፣ «ሀይሉ» ስል አንድ፣ «ሃይሉ» ስል ማንም የለም። የድሮው የኤክሴል ፋይል ላይ ዋሱ የተጻፈው በመለያ ቁጥር ሳይሆን በስም ነው። ማስገቢያው ያንን ስም ከአባላት ዝርዝር ጋር ፊደል በፊደል ነው ያገናኘው። ስሙ በሌላ ሀ ወይም በሌላ ሰ ከተጻፈ ዋሱ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ሞካሪዋ
ባዶ የቀሩ ስንት ናቸው?

ፕሮግራመሩ
ከ310 ብድሮች 41።

የብድር ኮሚቴ ሰብሳቢ
41 ሰው ዋስ ሆኖ ያስያዘውን ቁጠባ ሐምሌ 1 መጥቶ ማውጣት ይችላል ማለት ነው? ሲስተሙ አይከለክለውም?

ፕሮግራመሩ
አይከለክለውም። ዋስ መሆኑን አያውቅም።

ነባር አባል
ይኸው! ፊደል ቀላል ነው ስትሉኝ ነበር።

ሞካሪዋ
አባባ፣ ስለ ፊደል ማንሳትዎ ጠቅሞናል፣ ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ። ግን ጉዳቱ ያለው ደረሰኙ ላይ ሳይሆን ዋስትናው ላይ ነው። 41ዱ በእጅ ከካርድ ጋር ይዛመዱ። ዋስትና ከመዝገብ ማመሳከሩ ቀጥሎ ሁለተኛ ቦታ ይያዝ፤ አንድ የታሰረ ቁጠባ ለማውጣት እንሞክርና እምቢ ሲል እንይ።

ገንዘብ ያዥ
እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ አልተኛም። ሐምሌን ሙሉ የወረቀት መዝገቡ ጎን ለጎን ይጻፍ። ሐሳቡ ላይ ይግባ።

የቁጥጥር ኮሚቴ አባል
እደግፋለሁ። እንዲያውም ዋናው ሐሳብ እሱ ይሁን፣ የሙከራው ዝርዝር አባሪ ይሁን። ኮሚቴው 48 መስመር አያነብም።

ሞካሪዋ
መዝገቡ ስህተቱን ያሳያል እንጂ አይከለክልም፤ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው የምናውቀው። ቢያንስ ዋስትናው እስኪጣራ ቁጠባ ማውጣት ይቁም የሚል አንድ መስመር ይጨመርልኝ።

ገንዘብ ያዥ
ሐምሌ የትምህርት ቤት ምዝገባ ነው። ቁጠባ አታውጡ ብንል አባላት በር ይሰብራሉ። ይህን ኮሚቴው ይወስን።

ነባር አባል
ሐሳቡ በ«ኅ» ይጻፍ።

ሞካሪዋ
ይጻፋል። የ41ዱን ካርዶች የሚያወጣ ሰው እፈልጋለሁ፣ ቁምሳጥኑ የሚከፈተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ማን ይመጣል?

የብድር ኮሚቴ ሰብሳቢ
መዝገቡንስ ሐምሌን ሙሉ ማን ይጽፋል?