«ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር» ለእንግሊዝኛ አንባቢ እንዴት ይጻፍ?

ሐይቅ ዳር፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር አከራክሮናል። የአክስታችን የልጅ ልጅ ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ ነው። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። አክስታችን ደሴ ስታርፍ ልጅቷ ለቀብር መጥታ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ለሥራ መርሳ ነበር፤ የነገረውም ሰው የለም። የሰማው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። «ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር» ሊላት ፈልጎ ይቺን ጻፈላት፦

```
If I know, I was coming.
```

እሷም «መንገድ ላይ ምን ገጠመህ?» ብላ መለሰችለት። እሱ ስለ መንገድ ያነሳው ነገር የለም። እሷ ናት ያልገባት ብሎ ድርቅ ብሏል። እስቲ ፍረዱን።

የቦርከና ልጅ፦ ኧረ ቀላል ነው። ኢፍ ያለበት በኩል ፓስት ይሆናል፣ ሌላው በኩል ውድ ይገባል። ትምህርት ቤት ስንሸመድደው የኖርነው እኮ ነው።

```
If I knew, I would come.
```

ይቺን ይላክላትና ይገላገል።

ሸጋ ወሎ፦ እህቴ፣ አላህ ያጽናችሁ። እንዲያው ግን ቀብር አለፈ ተብሎ ለቅሶ ይቀራል እንዴ? በኛ አገር ዘግይቶም ይደረሳል። ወንድምሽ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቀመጥ፣ ቤተ ዘመዱን ያጽናና። ቴክስት ምን ያደርጋል?

ሐይቅ ዳር፦ አሜን፣ ኑርልን። ለቅሶውንማ ደርሷል። የጠየቅሁት ስለ እንግሊዝኛው ነው፤ ልጅቷ ተመልሳ ሄዳለች።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጅቷ የጠየቀችው ትክክል ነው። ወንድምሽ «እመጣ ነበር»ን ቃል በቃል አሻገረው፤ «ነበር» ዎዝ ሆነ። በእንግሊዝኛ ግን ያ «እየመጣሁ ነበር» ማለት ነው። ስለዚህ ተነስቶ መንገድ ላይ የቀረ መስሏታል። አማርኛው «ነበር» እዚህ ቦታ ላይ ጊዜ ብቻ አይደለም የሚነግረን። ሊሆን ይችል የነበረ፣ ግን ያልሆነ ነገር መሆኑን ነው የሚነግረን። ያንን ሥራ በእንግሊዝኛ የሚሠራው ውድ ነው።

የቦርከና ልጅ ግማሽ መንገድ ደርሷል። የጻፈው እንግሊዝኛ ስህተት የለበትም፤ የሚለው ነገር ግን ሌላ ነው። «ብናውቅ እኮ እንመጣለን፣ ግን አሁንም አላወቅንም» እንደማለት ነው። ቀብሩ ገና ሳይሆን፣ ሰዓቱ ሳይታወቅ የሚነገር ነው። እዚህ ግን ቀብሩ አልፏል። ማወቁም መምጣቱም ሊታረም የማይችል ጊዜ ውስጥ ነው ያሉት። ስለዚህ ሁለቱም ግሦች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፦

```
If I had known, I would have come.
```

ሀድ ኢፍ ባለበት በኩል ይቀመጣል፣ ውድ ሀቭ በውጤቱ በኩል። ከሁለቱም በኋላ የግሡ ሦስተኛ መልክ ይመጣል። ኖው፣ ኒው፣ ኖውን የሚለው ብዙ ሰው አያሳስትም። የሚያሳስተው ከም ነው፤ ሦስተኛው መልኩ ተመልሶ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ይሆናል። «ውድ ሀቭ ኬም» የሚል ፈተና ስንቱን አርሜአለሁ!

ልብ በሉ፣ ዓረፍተ ነገሩ ላይ «አላወቅሁም» የሚል የለም። «አልመጣሁም» የሚልም የለም። አንባቢዋ ግን ሁለቱንም ታነባለች። ጸጸቱ ያለው እዚያ ነው። ገልብጠን «ባልሄድ ኖሮ» ካልን ደግሞ የሚነበበው «ሄጃለሁ» ነው።

የቦርከና ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። እንግዲያው «ኖሮ» ካለበት ሦስተኛው ኮንዲሽናል፣ ማለትም ሀድና ውድ ሀቭ ያለው ነው፤ «ኖሮ» ከሌለበት ሁለተኛው፣ ማለትም እኔ የጻፍኩት ዓይነት ነው። ሕጉ ይሄው።

ጦሳ ስር፦ አይመስለኝም። «ክንፍ ቢኖረኝ ኖሮ አሁኑኑ በርሬ እመጣ ነበር» እንላለን። እዚያ ውስጥ ያለፈ ነገር የለም፣ ክንፉ አሁን ነው የሌለው። በእንግሊዝኛ ሁለተኛው ነው የሚሆነው። በተቃራኒው «ትናንት ብትደውል እመጣ ነበር» ያለ «ኖሮ» ይነገራል፣ ነገሩ ግን አልፏል። አማርኛው ሁለቱን በአንድ ልብስ ነው የሚያለብሳቸው። እንግሊዝኛ ግን እንድትመርጥ ያስገድድሃል።

የቦርከና ልጅ፦ ክንፍ ተረት ነው። የእውነት ነገር ላይ «ኖሮ» ያለፈን ነው የሚያሳየው። አሁንም ያልኩትን ነኝ።

ጡረተኛው መምህር፦ በ«ኖሮ» ላይ ክርክሩ ይቀጥል፤ ለእንግሊዝኛው ግን ቃሉን አትመኑት። ዓረፍተ ነገሩ ላይ «ትናንት» ወይም «ያኔ» ጨምሩበት። ከተቀበለ ሀድ ያስፈልጋል። «አሁን»ን ከተቀበለ አያስፈልግም። ይሄን ደግሞ ለየጎኑ ለብቻው ፈትኑት።

የባቲ ሰኞ፦ የኔም ጉዳይ ይታይልኝ። ባቲ ሰኞ ገበያ ሁለት ሙክት ይዤ ወጣሁ። ደህና ዋጋ ሰጡኝ። ለበዓል ይጨምራል ብዬ ይዣቸው ተመለስኩ። በበዓሉ ገበያውን ሙክት አጥለቀለቀው፣ ዋጋው ወረደ። ይኸው እስከ ዛሬ የመኖ ዕዳ አለብኝ። «ያን ሰኞ ብሸጣቸው ኖሮ ዛሬ ዕዳ አይኖርብኝም ነበር» ለማለት ስሞክር፣ አስጎብኚ የሆነው ጎረቤቴ በሁለቱም በኩል ወደ ኋላ ይሂድ አለኝ። መጨረሻው «ውድ ኖት ሀቭ ሀድ» ይሁን አለ። ልክ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ አብሽር። «ለየጎኑ ለብቻው» ያልኩት ለዚህ ነው። መሸጡን ስንፈትነው «ያን ሰኞ» ይላል፤ አልፏል፣ ሀድ ይፈልጋል። ዕዳውን ስንፈትነው ግን «ዛሬ» ይላል፤ አሁንም አንገትህ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚሄደው የመጀመሪያው ጎን ብቻ ነው፦

```
If I had sold them that Monday,
I would not be in debt today.
```

ጎረቤትህ ያለው ሰዋስው አልጣሰም። ግን ዕዳውን ያለፈ ታሪክ ያደርገዋል። የሚሰማው ሰው «ያኔ ዕዳ ነበረበት፣ ምናልባት ከፍሎታል» ብሎ ያልፈዋል። አንተ ደግሞ ገና አልከፈልክም። ተማሪ በብዛት የሚስተው ይህን ነው፤ ሕጉን ከያዘ በኋላ ሁሉንም ነገር ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የሆነው ያኔ ነው፣ መዘዙ ግን ዛሬም ያለ ሲሆን ሁለት ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገናኛል።

የባቲ ሰኞ፦ ገንዘቡ ያኔ በእጄ ገብቶ ቢሆንስ ኖሮ? «ያን ሰኞ ብሸጥ ኖሮ ያኔውኑ በግ እገዛበት ነበር» ብልስ?

ጡረተኛው መምህር፦ የበጉ ግዢም ያኔ ስለሆነ ሁለቱም ይሄዳሉ። ውድ ሀቭ ቦውት።

ዱባይ ተመላሽ፦ እኔ ደግሞ አሜሪካኖቹ ራሳቸው «ኢፍ አይ ውድ ሀቭ ኖውን» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሁለቱም በኩል ውድ። እነሱ ካሉት እኛ ለምን እንጨነቃለን?

ጡረተኛው መምህር፦ እውነትሽን ነው፣ በወሬ ይሉታል። ለፈተና ወይም ለማመልከቻ ከሆነ ግን እንደ ስህተት ይቆጠራል፤ ጥንቃቄ ያለው ጸሐፊም አይጽፈውም። አንዳንዴ ደግሞ ያላሉትን ነው የምንሰማው። ሲያሳጥሩት ሀድም ውድም አንድ ድምፅ ይሆናሉ፦

```
If I'd known, I'd have come.
```

የመጀመሪያው ሀድ ነው፣ ሁለተኛው ውድ። ቀጥሎ የሚመጣውን እዪ። ወዲያው ሦስተኛው የግሥ መልክ ከተከተለ ሀድ ነው። ሀቭ ከተከተለ ውድ ነው። እንዲያውም ሀቭ ራሱ ሲያጥር «ኦፍ» ስለሚመስል፣ እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ሰዎች ራሳቸው ውድ ኦፍ ብለው ሲጽፉ ታገኛለሽ። ያ ግን በየትኛውም ጽሑፍ ስህተት ነው።

ጦሳ ስር፦ አንድ የሚያከራክር ላንሳ። ውጫሌ የኛው ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 አማርኛውና ጣሊያንኛው እንደማይገናኙ የታወቀ ነው። አማርኛው ንጉሡ ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል። ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። አንድ ተማሪ «ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ቢሆኑ ኖሮ የ1888ቱ የአድዋ ጦርነት አይደረግም ነበር» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈና አሳየኝ። ሰዋስዉ ልክ ነው። እኔ ግን ውድ ኖት ሀቭ የሚለውን አልወደድኩለትም። ማይት ኖት ሀቭ አድርገው አልኩት፦

```
If the two texts had agreed,
the war might not have happened.
```

ውድ እርግጠኛ ያደርግሃል። ቅኝ ግዛት የሚፈልግ መንግሥት ሌላ ሰበብ አያጣም ነበር።

የቦርከና ልጅ፦ አንቀጹ ባይኖር ኖሮ ጠቡ በምን ይነሳ ነበር? ውድ ይቀመጥ። ታሪክን እንዲህ እያለሳለስን ነው የምንጨርሰው።

ጦሳ ስር፦ ማለስለስ አይደለም። የሚያውቀውን ያህል ብቻ ይበል ነው ያልኩት። የወንድሟ ነገር ሌላ ነው፤ መምጣት አለመምጣቱን ራሱ ያውቃል፣ ውድ ይበል። ስለ ሌላ ሰው ወይም ስለ አገር ሲሆን ማይት ይሻላል።

ሐይቅ ዳር፦ ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ እያነበበ ነው። አሁን ደግሞ «ብትነግሩኝ ኖሮ እመጣ ነበር» ብዬ ልጻፍላት እያለ ነው።

ዱባይ ተመላሽ፦ ኧረ በሞቴ! እንዲህ ከጻፈማ ወቀሳ ነው የሚሆነው። «ኢፍ ዩ ሀድ ቶልድ ሚ» ስትይ ጥፋቱ የሷ ነው። አያቷን ቀብራ የሄደች ልጅ ናት። «እኔ ባውቅ» ሲል ግን ማንንም አይነካም። ከተቻለም ኢፍን ትቶ ምኞት ያድርገው፤ «ምነው ባወቅሁ» እንደሚባለው፦

```
I wish I had known.
```

እዚህም ያው ሀድ ኖውን ነው። ኖው ወይም ኒው ብሎ እንዳያበላሸው።

ጡረተኛው መምህር፦ ጥሩ ብለሻል። በኛም «ብትነግሩኝ ኖሮ» ሲባል ድምፁ ነው የሚወስነው። በጽሑፍ ግን ድምፅ የለም።

ሐይቅ ዳር፦ እንዲህ ብሎ ላከላት፦

```
I wish I had known. I would have come.
I should have called.
```

ሦስተኛዋን የጨመራት ራሱ ነው። «መደወል ነበረብኝ» ማለቱ ነው።

ጦሳ ስር፦ እንግሊዝኛው ልክ ነው። ግን ሹድ ሀቭ ራስን መክሰስ ነው። ማንም ሳይነግረው የቀረ ሰው ምን ጥፋት አለበትና ነው?

ሸጋ ወሎ፦ የታመመች አክስት እያለችው መደወል ነበረበታ! እኔ ትክክል ጻፈ ነው የምለው።

ጦሳ ስር፦ መታመሟንስ ያውቅ ነበር?

ሐይቅ ዳር፦ እሱን እኔም አልጠየቅሁትም።