የምሳ ደንበኝነት፦ አንድ ደንበኛ በስንት ይመጣል? ስንትስ ያስገባል?

ምሳ አቅራቢ (ጠያቂ)

ቦሌና ሜክሲኮ አካባቢ ላሉ ቢሮዎች በወር ክፍያ ምሳ እናደርሳለን። ፓኬጁ 22 ምሳ ነው፤ አንዱ 250 ብር ሲሆን በወር 5,500 ብር ይመጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ማስታወቂያ 48,000 ብር አውጥተን 120 አዲስ ከፋይ አገኘን። ስለዚህ አንድ ደንበኛ የመጣልን በ400 ብር ነው ብዬ ያዝኩ። አንድ ሰው ዓመት ይቆያል ካልኩ ደግሞ 66,000 ብር ያስገባልኛል። በወረቀት ላይ ይህን ያህል እያተረፍኩ ወር ሲደርስ ለሞተረኞች የምከፍለው ለምን ይቸግረኛል? ሒሳቤ የቱ ጋ ነው የተሳሳተው?

ቁጥር ወዳድ

ስሕተቱ «ዓመት ይቆያል» የሚለው ላይ ነው። ባለፈው ወር ስንት ደንበኛ ነበረሽ? ስንቱስ ሳያድስ ቀረ? ለምሳሌ ከ250 ሰው 50 ከቀረ በየወሩ 20 በመቶ ይወጣል ማለት ነው። 1ን ለ0.20 ስታካፍይው 5 ወር ይሆናል። 5 ወር በ5,500 ሲባዛ 27,500 ብር ነው። ኤልቲቪሽ፣ ማለትም አንድ ደንበኛ እስኪሄድ ድረስ የሚያስገባልሽ፣ እሱ ነው። በ400 ብር መጥቶ 27,500 የሚያስገባ ደንበኛ ካለሽ ማስታወቂያውን እጥፍ አድርጊው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ እዚህ ሜሪላንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥና እንጀራ ለቤተሰቦች አደርሳለሁ። የእኔ ችግር ሁልጊዜ ዋጋ ነበር። ዋጋ ጨምሪ እህቴ፤ የሚወድሽ አይሄድም።

ምሳ አቅራቢ

አመሰግናለሁ፤ ዋጋ መጨመሩን አስቤበታለሁ፤ አሁን የቸገረኝ ግን ሒሳቡ ነው። @ቁጥር ወዳድ፣ የገመትከው ልክ ነው ማለት ይቻላል፤ ባለፈው ወር ከ250 ሰው 50 ያህሉ አላደሱም። ማስታወቂያውን እጥፍ ለማድረግ ግን ገንዘቡ የለኝም፤ ጥያቄዬም እሱ ነው።

የወጪ ሒሳብ ሠራተኛ

እህቴ፣ ማስታወቂያውን እጥፍ ከማድረግሽ በፊት ሦስት ነገር ንገሪኝ። አዲስ ሰው በነጻ ይቀምሳል ወይ? ከማስታወቂያ ሌላ ደንበኛ የሚያመጣ ሰው ቀጥረሻል? ለአንድ ምሳ ከጓዳ ጀምሮ ደንበኛው ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ስንት ይወጣል?

ምሳ አቅራቢ

የመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ነጻ ናቸው። በነዚያ ሦስት ወራት 200 ሰው ቀምሶ 120ው ከፈለ። ቢሮ ለቢሮ የምትዞር አንዲት ልጅ አለች፤ ደመወዟ 9,000 ብር ሲሆን ለእያንዳንዱ ከፋይ 150 ብር ኮሚሽን ታገኛለች። ለአንድ ምሳ አስቤዛና ከሰል 130፣ ማሸጊያ 15፣ ሞተረኛ 45፣ በድምሩ 190 ብር ይወጣል።

የወጪ ሒሳብ ሠራተኛ

ገንዘቡ የሄደው እዚያ ነው። 200 ሰው ለ5 ቀን ሲበላ 1,000 ምሳ ነው፤ በ190 ሲባዛ 190,000 ብር። ይህን ከኩሽና ወጪ ጋር ስለምትመዘግቢው አይታይሽም እንጂ ደንበኛ ለማምጣት የወጣ ገንዘብ ነው። ቀምሰው የቀሩት 80 ሰዎች የበሉትም የሚጫነው በከፈሉት 120ዎቹ ላይ ነው። የልጅቷ የሦስት ወር ደመወዝ 27,000፣ ኮሚሽኑ 18,000፣ ማስታወቂያው 48,000፤ ድምሩ 283,000 ብር። ለ120 ስታካፍይው 2,358 ብር ይመጣል። ሲኤሲሽ፣ ማለትም አንድ ደንበኛ ለማምጣት የምታወጪው፣ ይህ ነው፤ 400 ብር ያልሽው የማስታወቂያው ድርሻ ብቻ ነው።

በሌላው በኩል 5,500ው ያንቺ አይደለም። ከ250 ላይ 190 ሲወጣ በአንድ ምሳ 60 ብር፣ በፓኬጅ 1,320 ብር ይተርፍሻል። ኤልቲቪ የሚሰላው በዚህ ነው። ክፍያው ቀድሞ ስለሚገባ ወሩ መጀመሪያ ላይ አካውንቱ ሞልቶ ያሳይሻል፤ አብዛኛው ግን ገና ያልቀረበ ምሳ ዕዳ ነው።

@ቁጥር ወዳድ ያነሳኸው 20 በመቶ አዲሱንም ነባሩንም የቀላቀለ ነው። አዲስ ደንበኛ ከመጀመሪያው ወር በኋላ በብዛት ይሄዳል፤ የለመደው ግን ይቆያል። እህቴ፣ ጥቅምት ላይ የጀመሩትን ብቻ ለይተሽ በየወሩ ስንቱ እንደከፈለ ቁጠሪልኝ።

ምሳ አቅራቢ

ደብተሩን አየሁት። ጥቅምት 50 ሰው ጀመረ። ኅዳር 30፣ ታኅሣሥ 23፣ ጥር 19፣ የካቲት 16፣ መጋቢት 14 ከፈሉ።

የወጪ ሒሳብ ሠራተኛ

ድምሩ 152 ክፍያ ነው። ለ50 ሲካፈል አንድ ሰው በስድስት ወር ውስጥ በአማካይ 3.04 ጊዜ ከፍሏል። ቁጥሮቹን ከB2 እስከ G2 ብትጽፊያቸው ኤክሴል ላይ እንዲህ ነው፦

```
=SUM(B2:G2)/B2*(250-190)*22
```

4,013 ብር ይሰጥሻል። ከስድስት ወር በኋላ የሚቀጥሉ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ያላየሽውን ወር አትቁጠሪ። ስለዚህ 2,358 አውጥተሽ በግማሽ ዓመት 4,013 ታገኛለሽ። ያወጣሽውም ወዲያው አይመለስም፦ በመጀመሪያው ወር 1,320፣ እስከ ሁለተኛው 2,112 ይገባል፤ 2,358ቱን የምታልፊው በሦስተኛው ወር ነው። 120 ሰው በአንዴ ስታስገቢ ያን ሁሉ ወራት ከኪስሽ እየደጎምሽ ነው። ለሞተረኛ የሚሆን ገንዘብ ያጣሽው ለዚህ ነው። ከዚህ ላይ ገና የኩሽና ኪራይና የወጥ ሠሪዎች ደመወዝ ይነሳል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምነካው ነጻውን 5 ቀን ነው። ወደ 2 ቀን ብታወርጂውና ከ200 ቀማሽ 90 ብቻ ቢከፍል እንኳ ቅምሻው 76,000፣ ኮሚሽኑ 13,500 ይሆናል። ከሌሎቹ ጋር 164,500 ለ90 ሲካፈል 1,828 ብር ነው። በአንድ ወር ብቻ ሞክሪውና የእነዚያን ሰዎች ሁለተኛ ክፍያ ለይተሽ ተከታተይ፤ ከ50 ውስጥ 20 ሰው ከአንድ ወር በኋላ የሚሄደው ምናልባት ከነጻው ጋር የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል።

የሣሪስ ማዕድ

እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፤ ጋሼ ያሉት ልክ ሆኖ አንድ ነገር ይጎድለዋል። የካቲትና መጋቢት ዐቢይ ጾም ነው። ብዙ ሰው እስከ 9 ሰዓት ስለማይበላ ምሳ ያቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። እኛ ጋ የሚመለሱት እንደ አዲስ ይመዘገቡ ነበር። ያኔ የቆየው ሰው «ወጣ» ተብሎ ይቆጠራል፤ ሲመለስ ደግሞ ያለ ማስታወቂያ የመጣ አዲስ ሰው ስለሚመስል ሲኤሲው ያለ አግባብ ይወርዳል። አሁን በስልክ ቁጥር ነው የምንለየው፤ ቁጥሩ ቀድሞ ካለ «ተመላሽ» ነው። የእርስዎ 3.04 ያነሰ ይመስለኛል።

የወጪ ሒሳብ ሠራተኛ

ትክክል ነሽ፤ አልቆጠርኩትም። ሆኖም በጾም ያቆመ ሁሉ አይመለስም። ግንቦትና ሰኔን አይታ በስልክ ቁጥር ብትደምረው ይሻላል፤ ከዚያ በፊት ቁጥሩን ከፍ ማድረግ አልፈልግም።

እህቴ፣ የቀረ አንድ ጥያቄ፦ 250 ብሩ ቫት አለበት ወይ? ካለበት የአንቺ 217 ብር ነው። ከገበያ ያለ ደረሰኝ የገዛሽው ሽንኩርትና ምስር ደግሞ ቫት አይቀናነስበትም። ያኔ በምሳ የሚተርፍሽ ወደ 27 ብር ይወርዳል፤ በ3.04 ፓኬጅ ሲባዛ 2,358ቱን አይሸፍንም።

ምሳ አቅራቢ

ዋጋው ቫትን ይጨምራል። ደረሰኝ ያለን ለማሸጊያውና ለዘይቱ ብቻ ይመስለኛል፤ ነገ ከሒሳብ ሠራተኛችን ጋር ቁጭ ብዬ ለይቼ እመለሳለሁ። ለሰኞ የሚጀምሩትን 2 ቀን ነው ብዬ ነግሬያለሁ።

ቁጥር ወዳድ

ቫቱ እንደዚያ ከሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ያነሳችው ዋጋ እንደገና ይታይ። 280 ብር ቢሆን ስንት ሰው ይቀራል?