ጭሱ ቤት ገባብኝ፣ መስኮት ልክፈት ወይስ ልዝጋ?

ሀረግ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ቀበና ወንዝ ዳር ነኝ፣ ምድር ቤት። ልጄ አስም አለበት፣ ከሌሊት ጀምሮ ያስለዋል። እንደ ወትሮዬ 12 ሰዓት ላይ መስኮት ብከፍት ቤቱ የቆሻሻ ጭስና ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። የትናንቱ የህዳር ሲታጠን ጭስ እስካሁን አልሄደም እንዴ?

ቴዲ ሚኒባስ፦ ክፈቺው። ጭስ መውጫ ነው የሚፈልገው።

ጋሽ ደመና፦ ልጆች፣ ህዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠል የመጣው በ1911 ሕዝቡን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ነው። ያኔ ጭሱ በሽታውን ያባርራል ተብሎ ነበር። ዛሬ ግን የሚነደው ፌስታልና ፕላስቲክ ነው።

ቴዲ ሚኒባስ፦ ክፈቺው አልኩሽ እኮ።

የሽሮሜዳዋ፦ ጭስ ምናምን አትበሉ፣ ጉም ነው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

ሰናይት፦ አንቺ ጋ ጥርት ያለው ከፍታ ላይ ስለሆንሽ ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል፣ የነካው አየርም ይበርዳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከእንጦጦ ተዳፋቱን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከላዩ ሞቅ ያለው አየር እንደ ክዳን ይደፋበታል። የትናንቱ ጭስ፣ የማታው ከሰል፣ የጠዋቱ ታክሲ፣ ሁሉም እዚያው ታፍኖ ያድራል።

ሀረግ፣ አሁን ዝጊው። የበሩን ስር በእርጥብ ፎጣ ድፈኚ። ከዚያ ከሩቅ የሚጨስ ነገር ፈልጊና እዪው። ጭሱ ትንሽ ወጥቶ ወደ ጎን ከተንጣለለ ክዳኑ አልተነሳም። ሽቅብ ወጥቶ ከተበተነ ክፈቺ። ብዙ ጊዜ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ፣ 4 ሰዓት አካባቢ ይለቃል። ማታ ሳይበርድ መልሰሽ ዝጊ።

ስደተኛው፦ እኔ ሶልት ሌክ ሲቲ ነኝ። እዚህ ክረምት በረዶው ላይ ክዳኑ ሲደፋ ቀናት ይቆያል፣ እንጨት ማንደድም ይከለክሉናል። እናንተስ ረፋድ ላይ ትገላገላላችሁ። አየር ማጣሪያ ማሽን ግዢ።

ቴዲ ሚኒባስ፦ ዶላር ላክላታ!

ሲስተር፦ አደራ፣ መስኮት ዘግተሽ ከሰል እንዳታያይዢ፣ ለቡናም ቢሆን። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ ይገድላል። ሐኪም ያዘዘለትን ፓፍ ስጪው። ካልተሻለው፣ ሲተነፍስ ጎድኑ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ማውራት ካቃተው ሆስፒታል ሩጪ፣ እዚህ መልስ አትጠብቂ። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?

ሀረግ፦ ዘጋሁ፣ ፎጣውንም አድርጌያለሁ። ፓፍ ወስዶ ትንሽ ረገብ አለለት። አሁን ደግሞ ጎረቤቴ ከትናንት የተረፋትን ቅጠል መስኮቴ ስር እያነደደች ነው። ምን ልበላት?

ቴዲ ሚኒባስ፦ ምንም አትበያት፣ በባልዲ ውሃ ሂጂ።

ጋሽ ደመና፦ ተው፣ ጎረቤት ነች። ወሬ ይዘሽ ሂጂ፣ ውሃውን ከኋላሽ ደብቂው።

ሲስተር፦ ዕድሜውን አልነገርሽኝም እኮ።