ያለ ዕቃ ቤት ውስጥ የሚያሠራ የስፖርት አፕ፦ ለጀማሪ የቱ ይሻላል?

ማርቆሴ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ ዕድሜዬ 38፣ ኪሎዬ 82። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ነው የምውለው። ለጂም የሚሆን ጊዜም ብርም የለኝም። አንድ ነፃ አፕ አውርጄ ነበር፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ዝላይና ፑሽ አፕ አዘዘኝ። ሦስተኛው ፑሽ አፕ ላይ በደረቴ ተዘረጋሁ። በማግሥቱ ግራ ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ ወጋኝ። ኔቱን እንደምታውቁት ነው፣ አንዴ አለ አንዴ የለም። በዋጋ፣ አሠራሩን በማሳየትና ለጀማሪ በመሆን የቱን ትመክሩኛላችሁ? ከፍሎ መግዛትስ ያዋጣል?

የዳሞት ልጅ፦
ወንድሜ፣ Seven የሚባለውን አውርድ፣ ሌላው ትርፍ ድካም ነው። በቀን 7 ደቂቃ ብቻ። ግድግዳና ወንበር ካለህ በቃ። በጥናት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ለማንም ይሆናል። እኔ ሁለት ወር ሠርቼበት ቦርጬ ገብቷል።

ቢቸና፦
ስፖርት በስልክ? አይ ዘመን! በመኸር ብቅ በልና አንድ ቀን ጤፍ እጨድ፣ ወገብህ ራሱ አፕ ይሆንልሃል።

ማርቆሴ፦
ጋሼ፣ ያደግኩት አጨዳ ላይ ነው። አሁን ግን ማጭዱን ብይዘው ጉልበቴ የሚፈቅድልኝ አይመስለኝም 😅

መምህር፦
የስፖርት መምህር ነኝ። ከዳሞት ልጅ ልጀምር፣ ግማሹ ልክ ስለሆነ። የ7 ደቂቃው ነገር በ2013 በአንድ የአሜሪካ የስፖርት ሙያ መጽሔት ላይ የወጣ ነው። 12 እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ፣ መሐል ላይ 10 ሰከንድ ዕረፍት። ግን ጽሑፉ ራሱ ኪሎው ለበዛ፣ ከስፖርት ለራቀና ጉዳት ለነበረበት ሰው ጥንቃቄ ይላል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጡንና በክርን ተደግፎ ቀጥ ብሎ የሚቆዩበትን ፕላንክ እንዲተወው ይመክራል። አፖቹ ሰባቷን ደቂቃ ወሰዱ፣ ማስጠንቀቂያውን ብዙም አያነሱትም። ጽሑፉ ዙሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊደገም እንደሚችልም ይናገራል፣ ያኔ ወደ 20 ደቂቃ ይሆናል። የዳሞት ልጅ ቦርጭ በ7 ደቂቃ ብቻ ገባ ካልከኝ፣ ምግቡንም ቀንሶ ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

ወደ አንተ ስመለስ፣ አፕ ስትመርጥ አንድ ነገር ብቻ ፈትሽ። አንድ እንቅስቃሴ ሲያቅትህ ቀለል ያለውን ያሳይሃል ወይስ ዝም ብሎ ሰዓት ይቆጥራል?

የፑሽ አፑን ነገር በቁጥር ልንገርህ። መሬት ላይ ስትሠራው እጅህ የሚሸከመው ከክብደትህ 64 በመቶ ገደማ ነው። ለአንተ ወደ 52 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ከግማሽ ኩንታል በላይ። በጉልበትህ ብትንበረከክ ወደ 40 ኪሎ ይወርዳል። እጅህን 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ አግዳሚ ላይ ብታደርግ ወደ 34። ግድግዳ ላይ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ አንተ ሰነፍ አይደለህም፣ አፑ ከማትችለው ላይ አስጀመረህ። ከአግዳሚው ጀምር። ሦስት ዙር በ12፣ በ12 ሠርተህ ሁለት ልትጨምር አቅም ሲተርፍህ፣ ያኔ ዝቅ ወዳለ ነገር ውረድ። ቁጭ ብድግም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ወንበር ላይ ቁጭ እያልክ ተነሣ።

አሁን አፖቹ። Home Workout - No Equipment ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ ግን አለው። ዳታ ዘግተህም ይሠራል። የሚያሳይህ ሰው ሳይሆን በሥዕል የሚንቀሳቀስ ምስል ነው፤ ቅርጹን ታያለህ፣ ስሕተትህን ግን አይነግርህም። የደረት ጀማሪ ክፍሉ ከፍ ያለ ነገር ላይ የሚሠራ ፑሽ አፕ አለው፣ ይህ ጥሩ ነው። መክፈቻው ግን ጃምፒንግ ጃክ የሚባለው ዝላይ ነው። አንተ እሱን ተወውና በቦታህ ርገጥ።

Nike Training Club በአሠራር ማሳየት ይበልጠዋል። እውነተኛ አሠልጣኝ በቪዲዮ እያወራህ ነው የምትሠራው፣ የሚከፈልበትንም ክፍል በ2020 ነፃ አድርገውታል። ችግሩ ቪዲዮው ጥቅልህን ይበላል፣ ንግግሩም እንግሊዝኛ ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አስቀድመህ ካላወረድከው ነፃ ነው ማለት ይከብዳል።

ሦስተኛው Darebee ነው። በመዋጮ የሚንቀሳቀስ ድረ ገጽ ነው፣ ማስታወቂያም ክፍያም የለውም። ልምምዱ በአንድ ገጽ ሥዕል ይመጣል፣ ደረጃ አንድ ሦስት ዙር፣ ደረጃ ሁለት አምስት፣ ደረጃ ሦስት ሰባት ማለት ነው። Foundation የሚባል የ30 ቀን የጀማሪ ፕሮግራም አለው። ሥዕሉ ዝም ያለ ስለሆነ እንቅስቃሴውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ያደናግራል። ኔት ለሚቆራረጥበት ሰው ግን እኔ ይህንን ነው የምመርጠው፣ አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻላላ።

ከሚከፈልባቸው Freeletics ከልምምዱ በኋላ እንዴት ነበር ብሎ ጠይቆ ቀጣዩን ያስተካክላል። ለአንተ ግን ገና ነው፣ ጠንከር ያለ ነው።

ጉልበትህን በተመለከተ፦ በማግሥቱ ሁለቱም ጭንህ ቢዝልና በሁለት ሦስት ቀን ቢለቅህ የጡንቻ ነው፣ አትፍራ። አንድ ጉልበት ብቻ፣ ነጥሎ የሚወጋ፣ ደረጃ ስትወርድ የሚብስ ከሆነ ግን ዝላይ አቁም። እብጠት ካየህ ወይ ከሳምንት ካለፈ ሐኪም ይየው።

ባሕር ዳሯ፦
ስለ ክፍያ የኔን ልናገር። ከአገር ውጭ ያለ ወንድሜ ካርዱን ሰጥቶኝ ለአንድ አፕ "7 ቀን በነፃ ሞክሪ" ላይ ገባሁ። አልተመቸኝም፣ ከስልኬ አጠፋሁት። ለካ ማጥፋት ማቋረጥ አይደለም! የዓመቱን ሙሉ ከወንድሜ ላይ ቆረጡ። እስከ ዛሬ ይተርብብኛል። ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ በራሳችሁ ፎቶ በኩል Payments & subscriptions ውስጥ Subscriptions ጋ ነው የሚቋረጠው፣ ነፃው ጊዜ ሳያልቅ።

የዳሞት ልጅ፦
መምህር፣ ምግብስ አልቀነስኩም፤ ዐቢይ ጾም ላይ ነበር እንጂ 😂 ግን በጾም እስከ ሰባት ሰዓት ውኃም ሳይቀመስ መሥራት ይቻላል?

መምህር፦
ይኸው ተገኘ ቦርጩ! እኔ ማታ ከበላሁ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው የምሠራው። ጠዋት በባዶ ሆድ ሠርተው ምንም የማይሆኑ ተማሪዎች አሉኝ፣ አዙሮት የተቀመጠም አለ። ከሰው ሰው ይለያያል።

ባሕር ዳሯ፦
እኔ በጾም ጠዋት ነው የምሠራው፣ ይመቸኛል። ሰባት ሰዓት ድረስ ውኃ አለመጠጣቱ ነው የሚከብደኝ፣ ራሴን ያመኛል።

ማርቆሴ፦
ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የዳሬቢውን Foundation ሥዕል አሳትሜ በሩ ጀርባ ለጥፌዋለሁ። ፑሽ አፑን ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ጀመርኩ፣ እግሩ ሲንሸራተት ግድግዳ አስደገፍኩት። መጀመሪያ 6 ነበር የምችለው፣ ትናንት 11 ደረስኩ። ዝላዩን ትቼ በቦታዬ እረግጣለሁ፣ ጉልበቴም አልወጋኝም። ባለቤቴም ማታ ማታ አብራኝ ቁጭ ብድግ ትላለች። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የሚገፋ ብቻ ነው እንጂ የሚጎትት የለም፣ ጀርባዬ ሥራ ፈት ሆነ።

መምህር፦
ልክ ነህ፣ ያለ ዕቃ የሚያሠሩ አፖች ሁሉ እዚህ ላይ ይደክማሉ፣ መጎተቻ ስለሌለ። ግማሽ ውኃ የሞላ ጀሪካን ያዝና አንድ እጅህን ጠረጴዛው ላይ ደግፈህ፣ ወገብህን ሳታጎብጥ ወደ ጎንህ ሳበው። በእያንዳንዱ እጅ 10፣ 10። ክዳኑን አጥብቀው ብቻ።