«ኮፊ» የሚለው ቃል ከካፋ ነው የመጣው? የጅማ ልጆች ክርክር

ፉአድ (ጠያቂ)፦ ጅማ ላይ ቡና እየተቆላ የሚጠጣበት ትንሽ ቤት ልከፍት ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ኮፊ የሚለው ቃል የመጣው ከካፋ ነው» ብዬ ላጽፍ አስቤያለሁ። ጸሐፊው ነገ ይመጣል። እውነት ነው ወይስ አይደለም?

ታረቀኝ፦ እውነት ነው፣ አጽፈው። ካፋ፣ ካፌ፣ ኮፊ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ዕቃ በመጣበት አገር ስም ሲጠራ አዲስ ነገር አይደለም። «ሞካ»ን ተመልከቱ። የየመን ወደብ ስም ነው። ቡናው ከዚያ ስለሚጫን የወደቡ ስም የቡናው ስም ሆነ። ዛሬ ውጭ አገር ሞካ ብለህ ብታዝዝ ቸኮሌት የገባበት ቡና ነው የሚመጣልህ። ሞካ እንዲህ ከሆነ ካፋ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ነኢማ፦ ለምን ካፋ ይባላል? ቡና የተገኘው እዚሁ ጎማ፣ ጮጬ ነው! አያቴ የዚያ አገር ሰው ናቸው። ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲዘሉ ያየው እረኛ የጮጬ ልጅ ነው ብለው ነው ያሳደጉን። ፉአድ፣ ጅማ ላይ ቤት ከፍተህ የካፋን ስም ግድግዳህ ላይ ልትሰቅል ነው?

ሰላማዊት፦ ነኢማዬ፣ ፉአድ የጠየቀው ስለ ቃሉ እንጂ ስለ ዛፉ አይደለም። ዛፉ ጮጬም ይብቀል ቦንጋ፣ ቃሉ የራሱን መንገድ ነው የሄደው። ለዓመታት ቋንቋ ሳስተምር ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚያነሱት ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ወንድሜ ታረቀኝ፣ ስለ ሞካ ያልከው ልክ ነው። ካፋ ላይ ግን አይሠራም። ቃሉን ወደ ኋላ እንከተለው። አውሮፓውያን የወሰዱት ከቱርኮች ነው። ቱርኮች «ካህቬ» ይላሉ። እነሱ ደግሞ የወሰዱት ከዓረቡ «ቀህዋ» ነው። ቱርክኛ የዓረብን «ወ» ወደ «ቨ» ነው የሚቀይረው። እኛም የወሰድነው «ወቅት» ቱርክኛ ሲገባ «ቫኪት» ሆኗል። አየር ማለት የሆነው «ሀዋእ» «ሀቫ» ሆኗል። «ቀህዋ»ም በዚሁ መንገድ «ካህቬ» ሆነ። አውሮፓ ሲደርስ «ቨ»ዋ ጠንክራ «ፈ» ሆነች። ጣሊያኑ «ካፌ»፣ ሆላንዱ «ኮፊ» አለ።

አሁን ልብ በሉ። ካፋን እና ኮፊን የሚያመሳስላቸው «ፈ» ነው። እሱ ግን የመጣው በመጨረሻ ነው። ዓረቡ «ቀህዋ» ውስጥ «ፈ» የለም፣ «ወ» ነው ያለው። ዓረብ ደግሞ «ፈ» አይቸግረውም፤ ፋጢማ፣ ፈጅር ይላል። «ካፋ»ን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ «ካፋ» ብሎ ይዞት ይቀር ነበር።

ታረቀኝ፦ ቃል ሲሰደድ ይበላሻል እኮ። ነጋዴ ሰዋስው ተምሮ አይደለም የሚናገረው።

ሰላማዊት፦ ይቀየራል፣ ግን እንደፈለገ አይደለም። አንድ ቋንቋ አንዱን ድምፅ ሲቀይር በሌሎች ቃላትም ላይ ያንኑ ያደርጋል። ለዚህ ነው «ቫኪት»ንና «ሀቫ»ን ያመጣሁት። ዓረብ የሰማውን «ፈ» ወደ «ህዋ» የለወጠበት ሌላ ቃል ካለህ አምጣልኝና ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ሁለተኛው ነገር ትርጉሙ ነው። «ቀህዋ» ቡና ሳይታወቅ በፊት በዓረብ ግጥም ውስጥ ነበረ። ያኔ የወይን ጠጅ ስም ነው። ኋላ በ15ኛው መቶ ዘመን የየመን ሱፊዎች ቡና ሲጠጡ ስሙ ወደዚህ ዞረ። ከቡናው ቀድሞ የነበረ ቃል ከቡናው አገር ሊመጣ አይችልም።

ጋሽ ከድር፦ ልጄ ሰላማዊት፣ ይህን ነገር ግድግዳ ላይ እንዳታስጽፉብን። እኛ ቡና አፍልተን፣ ዱዓ አድርገን ነው የምንጠጣው። ቀህዋ ጠጅ ነበር ሲባል ጆሮዬ አይቀበለውም።

ሰላማዊት፦ ጋሼ፣ ቅር አይበልዎ። የዓረብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ቃሉን የሚያያይዙት ምግብ ካለማሰኘት ጋር ነው። ወይኑ ቀህዋ የተባለው የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ተብሎ ነው። ቡናም ረሃብ ያስረሳል። ሱፊዎቹም የጠጡት ሌሊቱን በዚክር ነቅተው ለማደር ነው። ስሙ ከስካሩ ይልቅ ረሃብ በማስረሳቱ በኩል ወደ ቡናው ተሻገረ ቢባል ያስኬዳል።

ጋሽ ከድር፦ እንዲህ ከሆነ ይገባኛል። በረመዳን ሌሊት እኛም የምናውቀው ነገር ነው።

ወይንሸት፦ እኔ ደግሞ የራሴን ላምጣ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ጀበና ቡና ልሸጥ ተነሳሁ። ታፔላው ላይ «የወይንሸት ቡና ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ቡና ነው የምሸጠው፣ ሌላ ምን ልበል? እናቴ ከገጠር መጥታ ታፔላውን ስታይ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። ለካ ቡና ቤት ስትል የገባት ቢራና ዘፈን ያለበት ቤት ነው። በማግስቱ የመጀመሪያው ደንበኛ ቁጭ ብሎ ያዘዘኝ ድራፍት ነው። በሳምንቱ «ቤት» የምትለዋን ቀለም ቀብቼ አጠፋሁና «የወይንሸት ቡና» ሆነ። እናቴም ገብታ ሁለት ሲኒ ጠጣች።

ሰላማዊት፦ ወይንሸትዬ፣ ይሄ የክርክሩ ልብ ነው። ዓረብ የወይኑን ስም ለቡና ሰጠ። እኛ ደግሞ የቡናውን ቤት ስም ለመጠጥ ቤቱ ሰጠን። ከዚያ ቡናና ኬክ ለሚሸጥበት ቤት ስም ጎደለና «ካፌ»ን ከውጭ አመጣን። ፈረንሳዩ ካፌ ሲል መጠጡም ነው፣ ቤቱም ነው። እኛ ግን ቤቱን ብቻ ወሰድን። «አንድ ካፌ ቅጂልኝ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ለመጠጡ ቡና የሚል ቃል ስለነበረን።

ፉአድ፦ ታዲያ እኛ ለዓለም የሰጠነው ቃል የለም ማለት ነው?

ሰላማዊት፦ እሱን ፍሬው ላይ ፈልገው። ዓረብ «ቀህዋ» የሚለው መጠጡን ነው። ፍሬውንና ተክሉን «ቡን» ነው የሚለው። ትግርኛ «ቡን»፣ ኦሮምኛ «ቡና»፣ ካፋዎች ራሳቸው «ቡኖ» ይላሉ። ታረቀኝ፣ ይህንንም አስብበት። ካፋዎች ራሳቸው ካፋ ብለው አይጠሩትም።

ታረቀኝ፦ ባለአገሩ ዕቃውን በአገሩ ስም አይጠራም እኮ! የሞካ ሰውም ቡናውን ሞካ አይለውም። ገዢው ነው ስም የሚያወጣው። ደግሞ የድሮው የወይን ቃል ካፋ ከሚለው ስም ጋር ተመሳስሎ ተደራርቦ ሊሆንም ይችላል።

ሰላማዊት፦ ይህ ጥሩ መልስ ነው። ሁለት ቃል ተደራርቦ አንዱ ሌላውን ሲጎትት አይቻለሁ። ግን መደራረቡን የሚያሳይ አንድ የድሮ ጽሑፍ ያስፈልግሃል። እስካሁን ያቀረበልኝ ሰው የለም።

ነኢማ፦ «ቡኒ ጫማ» የምንለውስ ከዚሁ ነው?

ሰላማዊት፦ ዓረብም ለዚሁ ቀለም «ቡኒ» ይላል፣ ከቡን አውጥቶ። እኛ በመጽሐፍ ቡናማ፣ በገበያ ቡኒ እንላለን። ቡኒ ከእነሱ ዞሮ የተመለሰልን ይመስለኛል።

ጋሽ ከድር፦ አይ፣ ቡኒ የራሳችን ነው። መርካቶ ጫማ ስሸጥ ዓረብኛ የማያውቅ ሁሉ ቡኒ ይል ነበር።

ታረቀኝ፦ እኔ አሁንም ካፋ ነው ባይ ነኝ። «ይባላል» ብለህ ጨምርበት፣ ፉአድ።

ፉአድ፦ «ይባላል» የሚል ነገር ግድግዳዬ ላይ አልፈልግም። እንዲህ ላጽፈው ነው፦ «ጅማ ቡና፣ ትግራይ ቡን፣ ካፋ ቡኖ፣ የመን ቡን»። ከሥር ጀበናውን ይስልልኛል። ወይንሸት፣ በሬ ላይ «ቤት» የሚል ቃል አላስጽፍም።

ነኢማ፦ ጮጬስ?

ፉአድ፦ ከጀበናው አጠገብ ለአንድ ፍየል የሚሆን ቦታ አለ።