ከመዋእለ ሕፃናት የተሰጠ የአደጋ ማስታወሻ፦ ልጅ ከመወጣጫ ላይ ወድቃ ሲነገረን ምን እንጠይቅ?

ሰላማዊት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 22 ወሯ ነው። ዛሬ ማታ ላመጣት ስሄድ ሞግዚቷ አንድ ወረቀት ሰጥታ ከታች ፈርሚ አለችኝ። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

«ውድ ወላጆች፣ ልጅዎ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ውጭ ስንጫወት ከመወጣጫው ላይ ወድቃ ራሷን በትንሹ ተመትታለች። አቅፈን አባብለናታል፣ ቀዝቃዛ ነገር ይዘንላታል፣ ወዲያው ወደ ጨዋታዋ ተመልሳለች። ማታ እንድትከታተሏት እናሳስባለን።»

ቤት ከገባን በኋላ ትንሽ በልታለች፣ ግን ትነጫነጫለች፣ ከእቅፌም አትወርድም። «ተከታተሏት» ሲሉ ምኑን ነው የምከታተለው? ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው? ወረቀቱንስ ብፈርም ምን ማለት ነው? እስካሁን አልፈረምኩም።

ብርሃኑ

እህቴ አይዞሽ። ዋናው ነገር ዛሬ ሌሊት እንዳታስተኛት፣ ራሱን የተመታ ልጅ ከተኛ አደገኛ ነው። እርግብግቢቷንም በእጅሽ ዳብሺ፣ ካላበጠ ሰላም ነው። ስትወድቅ ካለቀሰች ደግሞ ራሷን አልሳተችም ማለት ስለሆነ ብዙ አትጨነቂ።

ሲስተር ጽጌ

ሰላማዊት፣ የምሠራው በሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነው። ወረቀቱ ላይ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ነገሮች የሉም። መዋእለ ሕፃናቱ ሳይዘጋ ደውይና አራት ነገር ጠይቂ፦ የቆመችበት ቦታ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል፤ ስትወድቅ በዓይኑ ያየ ሰው አለ ወይ፤ የተመታችው የራሷ የትኛው ክፍል ነው፤ ስንት ሰዓት ነበር።

የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ከ90 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ መውደቅ እንደ ከባድ አወዳደቅ ይቆጠራል። ለትልልቆቹ ልኬቱ አንድ ሜትር ተኩል ነው። የእብጠቱ ቦታም ለውጥ ያመጣል። ግንባር ላይ የወጣ እብጠት ትልቅ ሆኖ ቢያስደነግጥም ብዙ ጊዜ አያሳስበንም፣ የግንባር አጥንት ጠንካራ ነው። ከጆሮ በላይ፣ በጎን ወይም ከኋላ ያለ ለስላሳ እብጠት ግን ትንሽ ቢሆንም በቁም ነገር እናየዋለን፣ በዚያ በኩል አጥንቱ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። አሁን ብርሃን ባለበት ቦታ አስቀምጫትና ጸጉሯን እየከፈልሽ በጣትሽ ጫፍ ቀስ ብለሽ ዳብሺ። ጸጉር የሸፈነውን እብጠት ዓይን አያየውም። ካገኘሽም አትጫኚው።

ወንድሜ ብርሃኑ፣ ማልቀሷን ማንሳትህ ተገቢ ነው፤ ወዲያው ማልቀስ ጥሩ ምልክት ነው። ግን ወዲያው ማልቀሷን የሰማ ሰው መኖሩን ገና አላወቅንም። እርግብግቢት አብዛኛውን ጊዜ በ18 ወር ገደማ ስለሚዘጋ በ22 ወሯ ልጅ ላይ እሱን መዳበስ ብዙ አይነግረንም። እንቅልፍን በተመለከተ፣ ሐኪም ካያት ወይም ምንም የሚያሰጋ ምልክት ከሌላት በወትሮው የእንቅልፍ ሰዓቷ መተኛት ትችላለች። ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኟት ልጅ ጠዋት ስትፈዝ ከድካም ይሁን ከጉዳት እኛም መለየት ያቅተናል። የሚያስፈራው በማትተኛበት ሰዓት ክብድ ብሎ መተኛትና ሲቀሰቅሷት በደንብ አለመንቃት ነው።

ያሬድ

በፍጹም እንዳትፈርሚ! ፈረምሽ ማለት «ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ አልከሳችሁም» ብለሽ ተስማማሽ ማለት ነው። መጀመሪያ ጠበቃ አማክሪ።

ማርታ

ያሬድ፣ እኔ በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፤ እነዚህን ወረቀቶች በየሳምንቱ እንጽፋለን። አብዛኛው ፎርም ከፊርማው በላይ «ተነግሮኛል» ወይም «ቅጂ ደርሶኛል» የሚል መስመር አለው። ያ ማለት ወላጁ ሰማ ማለት ብቻ ነው። ሰላማዊት፣ የአንቺን መስመር በደንብ አንብቢው። «ተስማምቻለሁ» ወይም «መብቴን ትቻለሁ» የሚል ዓይነት ቃል ካለበት አትፈርሚ። ከሌለበት ፈርሚና ከጎኑ በእጅሽ «ቅጂው ደርሶኛል፣ አደጋውን አላየሁም» ብለሽ ቀንና ሰዓት ጻፊበት። ከዚያ ፎቶ አንሺው። ባትፈርሚም አደጋው መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ የሚቀርብሽ የራስሽ አስተያየት ከጎኑ መስፈሩ ነው።

የማስታወሻው ትልቁ ችግር ቃላቱ ናቸው። «በትንሹ» የጸሐፊዋ ግምት ነው። «ወድቃ» የሚለውም እንዲሁ፤ ካላየች መጻፍ የነበረባት ያገኘችውን ነው። ዝርዝሩን ለምሳሌ ከራሴ ልሙላውና፣ በትክክል ቢጻፍ ይህን ይመስል ነበር፦

«በ15፡10 ላይ ልጅቷን ከመንሸራተቻው መወጣጫ ሥር በጀርባዋ ተኝታ እያለቀሰች አገኘናት። ስትወድቅ ያየ ሠራተኛ የለም። መድረኩ ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ነው፣ ሥሩ የላስቲክ ንጣፍ አለው። ከግራ ጆሮዋ በላይ እብጠት አይተናል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ ይዘንላታል። አላስመለሰችም፣ ስሟ ሲጠራ ትዞራለች። በ15፡25 ለእናቷ ደውለናል።»

ይህን የያዘ ወላጅ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚናገረው አለው። ሌላ ልጅ ገፍቷት ከሆነ ግን የዚያን ልጅ ስም ወረቀቱ ላይ አታገኚውም፣ እኛም እንድንናገር አይፈቀድልንም። ስሙን ፍለጋ ጊዜሽን አታጥፊ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በምንሠራበት ደንብ ራስ ከተመታ እብጠቱ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ወላጅ ጋር ወዲያው ይደወላል። እስከ መረከቢያ ሰዓት መቆየት አልነበረበትም።

ሰላማዊት

ደወልኩ። ያየ ሰው የለም። ሞግዚቷ ሌላ ልጅ ጫማ እያሠረች ነበር፣ የሰማችው ለቅሶውን ነው። መድረኩ ደረቴ ድረስ ይመጣል አለችኝ። ሥሩ ላስቲክ ስለሆነ ግን ለስላሳ ነው ትላለች። ዳበስኳት፣ ከግራ ጆሮዋ በላይ ለስለስ ያለ እብጠት አለ፤ ስነካት ትጮሃለች። ሰዓቱ 9 ከሩብ ገደማ ነበር።

ሲስተር ጽጌ

አሁን ተነሱና ሂዱ። ከፍታው ከ90 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው፣ እብጠቱ ግንባር ላይ አይደለም፣ ያየ ሰው የለም፣ አንቺም እንደወትሮዋ አይደለችም ትያለሽ። እናት «ልጄ እንደወትሮዋ አይደለችም» ማለቷ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፣ ስትናገሪ በዚሁ ቃል ተናገሪ። የላስቲክ ንጣፍ የምቱን ኃይል ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ደጋግማ ካስመለሰች፣ ከተንቀጠቀጠች፣ መቀስቀስ ካቃተሽ፣ ከጆሮዋ ወይም ከአፍንጫዋ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም አንድ ወገኗ ከደከመ ራስሽ እየነዳሽ አትሂጂ፤ አምቡላንስ ጥሪ።

ሰዓቱን ስትናገሪ ተጠንቀቂ! «9 ከሩብ» ብለሽ ቃል በቃል ከተረጎምሽው ጠዋት እንደወደቀች ይጽፉታል። «15፡15» ወይም «ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ከሩብ» በያቸው። ሐኪም ቤት አቆይተው የሚያዩዋት ጊዜ የሚሰላው ከወደቀችበት ሰዓት ስለሆነ የስድስት ሰዓት ስህተት ውሳኔውን ይለውጣል። ቋንቋው የሚያስቸግርሽ ከሆነ ገና ስትመዘገቢ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ በስልክም ያገናኛሉ።

ሲቲ ስካን ወዲያው ካላነሷት ችላ እንዳሏት አትቁጠሪው። ጨረሩ ለሕፃን አንጎል ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከአደጋው ጀምሮ ለአራት እስከ ስድስት ሰዓት እዚያው አቆይተው ያዩዋትና ከተባባሰች ያነሷታል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ሰዓት አልፏል።

ኤልሳ

ይቅርታ በመሐል ገባሁ። የእኔ ልጅ ደግሞ ትናንት አዋቂ አቅፎት ነው መንሸራተቻ የወረደው፣ አልወደቀም፣ ራሱንም አልተመታም። ዛሬ ግን በቀኝ እግሩ አልረግጥም ይላል። እብጠት የለም። ወለምታ ይሆን? ልሸው?

ሲስተር ጽጌ

ኤልሳ፣ አትሺው። አዋቂ አቅፎ ሲወርድ የልጁ ጫማ የመንሸራተቻው ጠርዝ ላይ ይይዝና የአዋቂው ክብደት ወደ ታች ሲገፋ እግሩ ይጠመዘዛል። ብቻውን ቢወርድ ኖሮ ጫማው ሲይዘው ይቆም ነበር። የሚሰነጠቀው የቅልጥም አጥንት ነው፣ እብጠት ላይታይ ይችላል። የመጀመሪያው ራጅ እንኳ ንጹሕ ሆኖ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን በኋላ የሚታይበት ጊዜ አለ። መርገጥ እንቢ ያለ ልጅ በዛሬው ቀን ይታይ፤ እንዴት እንደወረደም ንገሪያቸው።

ሰላማዊት

ተመለስን። ሐኪሟ እብጠቱን ዳብሳ እዚያው አቆዩን፣ እስከ 21፡00 ድረስ በየሰዓቱ አይኗን፣ አነጋገሯንና አረማመዷን እያዩ ቆዩ። እዚያው በላች፣ ተጫወተች። ሲቲ አላስፈለጋትም። ለ48 ሰዓት ምን እንደምንጠብቅ የሚገልጽ ወረቀት ሰጥተውናል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

አሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። መዋእለ ሕፃናቱ ማስታወሻውን አስተካክሎ እንዲጽፍ መጠየቅ እችላለሁ? ካሜራ እንዳላቸውም አይቻለሁ።

ማርታ

የመጀመሪያውን ወረቀት ቀይሩት አትበያቸው፣ የተለወጠ ሰነድ ለሁላችሁም መጥፎ ነው። ተጨማሪ ማስታወሻ እንዲያያዝበት ጠይቂ፦ ያየ ሠራተኛ እንደሌለ፣ የመድረኩ ከፍታ፣ የእብጠቱ ቦታ፣ ለምን እንዳልተደወለልሽ። የሐኪም ቤቱንም ወረቀት ቅጂ ስጫቸው። በኢሜይል አድርጊው፣ በቃል የተባለ ይረሳል። የካሜራውን ምስል ግን ነገ ጠዋት ጠይቂ፣ ብዙ ቦታ ከጥቂት ቀናት በኋላ በላዩ ላይ ይቀረጽበታል። ማየት ይፈቀድልሽ እንደሆን በየአገሩ ይለያያል፤ ቢያንስ እንዳይጠፋ በጽሑፍ መጠየቅ ትችያለሽ።

ብርሃኑ

ደረት የሚደርስ መድረክ ላይ የ22 ወር ልጅ ማን አወጣት? እኔ ብሆን እሱን ነበር መጀመሪያ የምጠይቀው።

ማርታ

ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ መጫወቻ ላይ ለየትኛው ዕድሜ እንደተሠራ የሚገልጽ ምልክት ይለጠፋል። ሰላማዊት፣ ነገ ስትሄጂ እሱን ፈልጊና ፎቶ አንሺው። ትልልቆቹና ትናንሾቹ በአንድ ሰዓት የሚወጡ ከሆነ ግን ችግሩ የሰዓት አመዳደብና የሠራተኛ ብዛት ነው፤ ይህንን ከአንዷ ሞግዚት ጋር ሳይሆን ከኃላፊዋ ጋር ነው የምትነጋገሪው።